ፓምፑ ሲነሳ የሚጠይቀው

የእህቷን ባል፣ ደንበኛ ምንም ቢጠይቀው መልሱ «ችግር የለም» ስለነበር፣ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ ችግርየለም ይለዋል። እሷን ደግሞ ፊውዝ ይሏታል። ያንን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ያወጣበትንም ቀን እሷ አልረሳችውም።

ያኔ ሁለቱ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው። እሱ ያወራል፣ ይሸጣል፤ እሷ ትለካለች፣ ትገጥማለች። የማዋለጃ ጤና ጣቢያው መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱን ፓምፕ በባትሪ የሚያሠራ ኢንቨርተር ሲፈልግ፣ ሄዳ ለክታ ባለ ስድስት ኪሎዋቱን አዘዘች። ከዚያ ለሌላ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወጣች። ስትመለስ ሥራው አልቆ፣ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለት ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ግን ርካሹ ባለ ሁለት ኪሎዋት መሆኑን ያወቀችው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። መብራት ጠፋ፣ ፓምፑ እምቢ አለ፣ አንዲት ሴት ምጥ ላይ እያለች ቧንቧው ደረቀ። አዋላጇ በጄሪካን ውሃ ስትሸከም ዋለች። እናትና ልጅ በሰላም ተላቀቁ፤ የአዋላጇ ንዴት ግን አልበረደም። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቆማ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ስትጮህ ችግርየለም እጁን ዘርግቶ ወደ ሚስቱ እህት ጠቆመ።

«ሒሳቡን የሠራችው እሷ ናት ሲስተር። እኔ የታዘዝኩትን ነው የገጠምኩት። ምን ላድርግ፣ የኛዋ እንደ ፊውዝ ናት፤ ትንሽ ሲከብዳት ትቃጠላለች።»

ሰዉ ሳቀ። አባቷ በዚያው ሳምንት አስጠርቷት «የእህትሽን ትዳር አታፍርሺ፣ ተይው» አላት። እህቷ የታዘዘው ስድስቱ መሆኑን እያወቀች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም አለች። እሷም ተወችው፤ ማለትም መሣሪያዎቿን ይዛ ከሱቁ ወጣች። አንድም ሰው ለሥራ አልጠራትም። በመጨረሻ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ በአዲስ የሚጠቀልሉበት ወርክሾፕ ገባች። እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣ የመዳብ ሽቦ ስትጠመጥም፣ ጥርሷን የነከሰችበትን ነገርም አብራ ስትጠመጥም ኖረች።

አንድ ቀን ወርክሾፑ በር ላይ አንድ ፓምፕ በጋሪ መጣ። ከኋላው አዋላጇ ነበረች።

ሴትየዋ እሷን ስታይ ደነገጠች፣ ግን አልተመለሰችም። «ሌላ የሚጠቀልል የለም አሉኝ» አለች ቀዝቀዝ ብላ። «ከኢንቨርተሩ ጋር ሲታገል ኖሮ ይኸው ተቃጠለ። አሁን አማችሽ አዲስ ትልቅ ኢንቨርተር አምጥቶልናል፤ ባለ ሦስት ኪሎዋት።»

ፊውዝ ሞተሩን ፈታችው። የማስነሻው ጥቅል ከስሎ ጠቁሯል፤ የመሮጫው ጥቅል ግን ደህና ነው። ይህ ማለት ሞተሩ እየሠራ አይደለም የተቃጠለው፣ ለመነሳት ሲሞክር ነው። በቂ ኃይል ሳያገኝ፣ ሳይዞር፣ እያጉረመረመ ደጋግሞ ሲሞክር። ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አንድ ኪሎዋት፣ ስምንት አምፔር ይላል። ሰሌዳው የሚናገረው ስለ ሩጫው ነው። የቆመ ሞተር ከተኛበት ሲነሳ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ዙሩ እስኪይዝ ድረስ የሚያግደው ስለሌለ አምስት ስድስት እጥፍ የኤሌክትሪክ ጅረት ይጎትታል። ይሄኛው ከአርባ አምፔር በላይ እንደሚጎትት ያኔ በራሷ መለኪያ አይታዋለች። ወደ አሥር ኪሎዋት የሚጠጋ ጉልበት ማለት ነው፣ ለአንድ ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ። ባለ ሦስት ኪሎዋቱ እጥፉን፣ ስድስቱን፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይችል ይሆናል። አሥሩን አይችልም።

ይህንን ለአዋላጇ እዚያው መንገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

«በደንብ እጠቀልልላችኋለሁ ሲስተር» አለች። «ግን ጉድጓድ ውስጥ የማወርደው እኔ ነኝ። ሲሞከርም ልኑር፤ ሥራዬን በዓይኔ ሳላይ አላስረክብም።»

ሥራውን የሠራችው በፍቅር ነው ማለት ይቻላል። አንድ ዙር አላጎደለችም፣ ቫርኒሹን በቅጡ አደረቀች። ፓምፑ ምንም ሰበብ እንዳይሆን ፈልጋለች።

በሳምንቱ መጨረሻ እህቷ ምሳ ጠራቻት። ችግርየለም ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አባቷ በቀኙ።

«ጠቅላያችን መጣች» አለ ችግርየለም። «አገር የሚጠቀልል ጠቅላይ እንዳይመስላችሁ፣ ሞተር ነው።»

አባትየው ፈገግ አለ። ፊውዝም ፈገግ ብላ ተቀመጠች።

«አሁን አንቺ ባለሙያ ነሽ» አለ ችግርየለም፣ ለአባቷ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፓምፑ አንድ ነጥብ አንድ ነው። እኔ ያመጣሁት ሦስት። ከእጥፍ በላይ አይደለም?»

እህቷ ሹካዋን ይዛ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ጥያቄ ነበር፤ ምናልባትም ልመና።

«ከእጥፍ በላይ ነው» አለች ፊውዝ። እውነቷን ነው፤ ከእጥፍ በላይ ነው።

እህቷ ትንፋሿን ለቀቀች። «ተመስገን» ብላ ሳህኗን ሞላችላት። ፊውዝ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ በላች። ምግብ እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም።

የሙከራው ቀን ማለዳ ፓምፑን ካወረደች በኋላ መጀመሪያ ያየችው ሰገነቱ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ነው። በመብራት አስሞላችው፤ ቂሟ ከችግርየለም ጋር እንጂ ከወላዶች ጋር አይደለም። ከዚያ እጇን ታጥባ ሰዉን ጠበቀች። ችግርየለም ሆን ብሎ ሰው ጠርቷል። የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት አለ፣ የችግኝ ጣቢያው ሰውዬ አለ፤ ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያሠሩ ናቸው። አባቷ አዲስ ኮቱን ለብሷል። እህቷ ከባሏ ጎን ቆማለች።

ችግርየለም ፓምፑን አስነሳ። ውሃው ቧንቧውን እያንገጫገጨ ወጣ። ከዚያ እንደ አስማተኛ እጁን አንስቶ «አሁን መብራት ጠፋ እንበል» አለና ዋናውን ብሬከር አጠፋው። የክፍሉ አምፖሎች ብልጭ ድርግም አሉ፤ ኢንቨርተሩ እምምም ብሎ ተረከበ፤ ፓምፑ መዞሩን ቀጠለ። ሰዉ አጨበጨበ። አባቷ አማቹን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፊውዝ ያን ጊዜ ገባት፤ ያኔም የተጨበጨበለት በዚሁ መንገድ ነው። ፓምፑን በመብራት አስነስቶ፣ እየዞረ ያለውን ለባትሪ ማስረከብ። የሚዞር ሞተር የሚፈልገው ትንሽ ነው፤ ያንን ባለ ሁለቱም ይችለዋል።

«ደስ ይላል» አለች ከኋላ ሆና። «አሁን አጥፋውና ከባትሪው አስነሳው።»

ችግርየለም ዞር አለ። «ሲሠራ አላየሽም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ሲነሳ ነው ያላየሁት።»

«ሞተሩ ይረፍ እንጂ፣ አሁን ገና...»

«ጥቅሉ የኔ ነው፤ ደክሞኛል አላለም» አለች። የእጥበት ቤቱ ባለቤት ሳቀ። አዋላጇ ግን አልሳቀችም። «ማታ መብራት ቢጠፋና ታንከሩ ቢያልቅ ከባትሪው መነሳት አለበት አይደል?» አለች። «አስነሳው።»

ችግርየለም ፓምፑን አጠፋ፣ ትንሽ ቆየ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ከጉድጓዱ የታፈነ ማጉረምረም መጣ። አምፖሎቹ ደብዘዝ አሉ። ኢንቨርተሩ ቀይ መብራት አብርቶ ጮኸና ክፍሉ ጨለመ። ውሃ የለም።

«ይሄ... ችግር የለም፣ ገና ስላልሞቀ ነው» አለ። እንደገና አስነሳ። እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ጨለመ። እጁን ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘረጋ ፊውዝ አንጓውን ያዘችው።

«በቃ። እንዲህ እያጉረመረመ ነው ያኛውን ያቃጠልከው።»

የጅረት መለኪያዋን አወጣች፣ መንጋጋውን በፓምፑ ሽቦ ዙሪያ ገጠመች፣ ብሬከሩን መልሳ ፓምፑን በመብራት አስነሳችው። መለኪያው የመነሻዋን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ቀረ፤ አርባ አራት አምፔር። ለአዋላጇ አሳየቻት። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ቁጥሩ ወደ ስምንት ወረደ።

«ሲሮጥ ስምንት፣ ሲነሳ አርባ አራት። ኢንቨርተር የሚመረጠው ለዚህኛው ነው ሲስተር። ሻጭ እጥፍ ይችላል ካለሽ፣ ለስንት ሰከንድ ብለሽ ጠይቂው።»

ከዚያ ወደ አማቿ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሁሉም እንዲጠጋ ፈልጋለች። ተጠጉም።

«ያኔ እኔ ያዘዝኩት የትኛውን ነበር?»

ችግርየለም የኢንቨርተሩን ቁልፎች መነካካት ጀመረ።

«መልስላት» አለ አባቷ።

«ስድስቱን» አለ ችግርየለም፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

«የገጠምከውስ?»

«ሁለቱን።»

«ጮክ በል፣ ሲስተር አልሰማችም።»

«ሁለቱን አልኩሽ።»

የችግኝ ጣቢያው ሰውዬ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። የእጥበት ቤቱ ባለቤት ተከተለው። አባቷ ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዋላጇ መጥታ እጇን ያዘች። «በሰው ፊት ሰድቤሽ ነበር» አለች። «ይቅርታሽን በሰው ፊት ነው የምጠይቀው።» ፊውዝ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ፊውዝ እንደገና ያዘዘችው ባለ ስድስት ኪሎዋት ሲመጣ፣ ውስጡ ካለው ትራንስፎርመር የተነሳ የድንጋይ ያህል ይከብድ ነበር። ለጥቂት ሰከንዶች አሥራ ሁለት ኪሎዋት የሚችል ዓይነት ነው። ባትሪውም በዚያች ቅጽበት ከመቶ ሃምሳ አምፔር በላይ ስለሚጠየቅ የባትሪውን ኬብል በወፍራም ቀየረችው፤ መከላከያውም ያንን ሳይቆርጥ እንደሚያሳልፍ አረጋገጠች። ለአዋላጇ ያቀረበችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ኢንቨርተሩን የሚሸከምላት ያው የመጀመሪያውን የገጠመው ሰው እንዲሆን። አዋላጇ አስጠራችው፤ ችግርየለም አምስት ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አቅፎት ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆመ፤ እሷ ደግሞ የብሎኑን ቀዳዳ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ውሃ ልኩን አስቀመጠች፣ አየችው፣ አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠች። እርሳሷን ቀረጸች። እጆቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ «ትንሽ ከፍ» አለችው። ከፍ አደረገ። «ኧረ ዝቅ።» ዝቅ አደረገ። ላቡ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ፤ እስኪወድቅ ጠበቀችው።

ፓምፑ ከባትሪው በአንድ ጊዜ ተነሳ። አምፖሎቹ እንኳ አልደበዘዙም።

እህቷ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። «ቤቴ በልተሽ፣ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ» አለች። «ቢያንስ ለኔ ብትነግሪኝ ምናለ? በሰው ፊት ሳይሆን።»

«እኔም የተሰደብኩት በሰው ፊት ነበር እታለም። አንቺም እያወቅሽ ዝም ብለሽ ነበር።»

እህቷ ፊቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ፊውዝ ስልክ ስትደውልላት አታነሳም። ይህ ያማል፤ በተለይ ምሳ ሰዓት ላይ ያማል። ከእጥበት ቤቱና ከችግኝ ጣቢያው ሥራ መጥቶላት እጇ ሞልቷል፣ ወርክሾፑንም ለቃለች፤ ያም ሆኖ ያማል። ይቅርታ ልጠይቃት ይሆን እያለች ስልኩን ታነሳለች። ግን የችግርየለም ክንዶች ያን ሳጥን አቅፈው ሲንቀጠቀጡ ትዝ ይሏታል፤ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ፊቷም ላይ ልትደብቀው የማትሞክረው ደስታ አለ።