ሐሴትን ያልመሰለችው ሐሴት

እማማ ውድነሽን የሚያማክራቸው የለም። ምን ሲባል! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለ ፊት ምን ያውቃል? የልጅ ልጃቸው ሐሴት ለሥራ ፕሮፋይሏ ስለሚሆነው ምስል የፎቶ ቤቱን ምንይችልን ጠየቀች፤ በቴሌግራም አይታቸው የማታውቃቸውን ሁሉ ጠየቀች። ያንን ፊት ንፍጡን እየጠረጉ ያሳደጉት ሴትዮ ግን እዚያው በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

ሐሴት የልጆች መጻሕፍት ሰዓሊ ናት። አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ካለበት ሆኖ የሚስልለት ሰው ይፈልጋል፤ እሷም እዚሁ አሶሳ ሆና መሥራት ትችላለች፤ ማመልከቻው ደግሞ ዛሬ ይዘጋል።

«እስቲ አሳይኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጋብዛቸው።

የስልኩ መተግበሪያ ከአንድ ፎቶዋ ተነስቶ የካርቱን ሴት ሠርቷል። ጠይም ቆዳዋን አቅልቶ፣ አፍንጫዋን አሹሎ፣ ከልጅነቷ ወረድ የሚለውን የግራ ዓይኗን ቆብ ሽቅብ ሰቅሎታል።

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

«እኔ ነኝ እኮ፣ እማማ። አቫታር ይባላል።»

«ጋዲሴ! ነይማ እዚህ!» ብለው ሐሴት ከተወለደች ጀምሮ የምታውቃትን ጎረቤታቸውን በአጥሩ ላይ ተጣሩ። «ይቺን ታውቂያታለሽ?»

ጋዲሴ መጥታ ስልኩን ተቀበለች፤ አራቀች፣ አቀረበች። «ቆንጆ ናት። የቴሌቪዥን ሰው ናት እንዴ? ውይ፣ የሐሴትን ሹራብ ለብሳለች!»

«ጎሽ! ሹራቡ ሥራ አገኘ በያ!»

ሐሴት አልሳቀችም። «በፎቶዬ ሳመለክት ማን ጠራኝ? ዓይኔን እያዩ ነው የሚያልፉኝ።»

እማማ ውድነሽ ሽንኩርቱን አስቀመጡ። «እሺ፣ ቢጠሩሽስ? በቪዲዮ ያነጋግሩኛል አላልሽም? ያን ጊዜ ይቺን ልትልኪያት ነው? ይልቅ የመታወቂያሽን ፎቶ አድርጊ።»

«እሱማ የተከሰሰ ሰው ነው የሚመስለው! ባንክ ባመለክት እሺ፣ ፎቶ ነው ደንቡ። እነዚህ ግን የሚቀጥሩኝ ልስልላቸው ነው። ምስሉ ራሱ የሥራዬ ናሙና ነው።»

«ታዲያ መሳል ከቻልሽ ይሄን ማሽን ምን አስለመነሽ?»

ሐሴት መተግበሪያውን ዘጋች። የመሳያ ብዕሯን አንስታ ታብሌቷ ላይ መሳል ጀመረች። ፀጉሯን ከእውነተኛው በላይ እንደ ክረምት ደመና ቆለለችው፤ ቆዳዋን እንዳለ ጠይም አደረገችው። የግራ ዓይኗን ቆብ ቀና አድርጋ ሳለች። መስታወት አየች። አጠፋችና እንደሚወርደው አወረደችው።

ጋዲሴ ሥዕሉ ሳያልቅ ከትከሻዋ በላይ አጮልቃ አየች። «ሐሴት! ውይ፣ ስታኮርፍ ቁርጥ እሷን!»

«አፍንጫው በዛ» አሉ እማማ ውድነሽ።

«ያንቺው ነው» አለች ሐሴት።

«እንደዚያ ከሆነ ይቀመጥ።»

ሐሴት ምስሉን ፕሮፋይሏ ላይ አኖረች። ጣቷን ግን ከመላኪያው ላይ መለሰች። «ቆቡን ትንሽ ብቻ ከፍ ባደርገውስ...»

«ንኪውና እንተያያለን! የማይፈልጉሽ ከሆነ አንቺኑ አይተው ይቅርባቸው። ላኪው አሁን፣ እዚሁ ቆሜ እያየሁ!»