አንድ ቅጂ ይሰጥዎታል

እትዬ የዓለምወርቅ ፌስታላቸውን ፈተው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት ያበራ ነበር።

«እንቺ ልጄ፤ አስራ ዘጠኝ ናቸው። ከቁስቋም እስከ ላይኛው ሰፈር በእግሬ ዞሬ አስፈረምኩልሽ።»

ናዝሬት የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች። ግርጌው ላይ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ፣ ከጎኑ ሙሉ ስም ከነአያት። ራስጌው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣ «በእንጦጦ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ላይ በጫካ ጠባቂዎች የሚደርስ ጥቃት» ይላል። ርዕሱን እዚያ ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የሰጠሁዎት አንብበው አስተያየት እንዲሰጡኝ ነው።»

«አነበብኩታ። ጥሩ ነው። ጥሩ ባይሆን አስፈርም ነበር?»

እትዬ የዓለምወርቅ የእንጨት ለቃሚዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ከሆኑ አስራ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ከቢሮ የመጣ ወረቀት ሁሉ የፊርማ ቦታ ነበረው፤ የፊርማ ቦታ ያለው ወረቀት ደግሞ ተፈርሞ ይመለሳል። ቀድሞ የተመለሰ ይመሰገናል። አስተያየት ይስጡበት ብሎ ወረቀት የሰጣቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ናዝሬት ይህን ልታውቅ ይገባት ነበር። ግን ሰባት ዓመት ውጭ አገር፣ በርገን ከተማ ተምራ የተመለሰችው ገና አምና ነው፤ የጥናቱን የስምምነት ቅጽም መጀመሪያ የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነበር።

የጥናቱ ማመልከቻ በምትሠራበት የምርምር ተቋም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ከቀረበ ወር አልፎታል። በሁለት ገጽ ጥያቄ ታጅቦ ተመልሶላታል። ማንበብ ለማይችሉት ሴቶች ምስክር የሚሆነው ማን ነው? ተሳታፊዋ አሁንም እየደረሰባት ያለ በደል ብትናገር ወዴት ትልኪያታለሽ? መልሱን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ማስገባት አለባት። ኮሚቴው ሳይፈቅድ ደግሞ አንዲት ሴት ማነጋገር አይደለም፣ ፈቃዷን መጠየቅም ክልክል ነው። አሁን ግን አስራ ዘጠኝ አሻራ ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድሯል።

«ምነው?» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «ያጎደልኩት የለም። ቅጂም ሰጥቻለሁ።»

«የምን ቅጂ?»

«አንድ ቅጂ ይሰጥዎታል ይል የለ ወረቀቱ? ፎቶ ኮፒው አልበቃ አለኝ እንጂ ለሁሉም እሰጥ ነበር። መጀመሪያ ያገኘኋት ሊሚን ስለሆነ ለእሷ ሰጠኋት።»

«ሊሚ የምትኖረው ከማን ጋር ነው?»

«ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከወንድሙ ቤት ናት። ከደቻሳ።» እትዬ የዓለምወርቅ ሊቀጥሉ ሲሉ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ጠባቂው ደቻሳ» አሉ፣ ከበፊቱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በርገን ውስጥ ሰዎች ቅጂያቸውን ተቀብለው ማቀዝቀዣቸው በር ላይ ይለጥፉታል፤ ወይም ከጋዜጣ ጋር ይጥሉታል። ናዝሬት ያቺን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ወረቀቱ የት እንደሚያድር አንድ ጊዜም አላሰበችም።

ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እትዬ የዓለምወርቅን አስከትላ ወደ ሊሚ ሰፈር ተነሳች። ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለዶክተር መሸሻ ደወለች። የሆነውን ሁሉ፣ ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ቤቷ እንዳትሄጂ» አሉ። «ወረቀት ፍለጋ በር ብታንኳኪ፣ ያላወቀውን አሳወቅሽው ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሷ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ይኖራል። በዚያ አግኚያት። አሻራዎቹን ግን አንድም ሳታጎድይ አሽገሽ ነገ ታመጪያለሽ፤ ምን እንደሚደረግባቸው የሚወስነው ኮሚቴው ነው። የሆነውንም ጽፈሽ ታስገቢያለሽ።»

«ከጻፍኩት ማመልከቻዬን የዚህ ወር ስብሰባ ላይ አያቀርቡልኝም።»

«አላቀርብልሽም» አሉና ዘጉት።

እትዬ የዓለምወርቅ ሁሉንም ሰምተዋል። «ስሜ ይነሳል?» አሉ መስኮቱን እያዩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አሉ። እኔ እኮ ልርዳት ብዬ ነው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው።»

ሊሚ አስር ሰዓት ላይ ከቦኖው ውኃ ትቀዳለች። ሁለቱ ሴቶች ከቦኖው ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው ግን አብዛኞቹ ገና አልመጡም። አስር ሰዓት ሆነ። አስር ከሩብ ሆነ። ሊሚ የለችም። ከላይ፣ ከጫካው በኩል፣ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወረደ።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ዛሬ ከሥራ ቀድሞ ወጣ።»

ደቻሳ ሲያያቸው መንገዱን ቀይሮ መጣ። «እትዬ የዓለምወርቅ፤ ዛሬ ደግሞ ከነእንግዳዎ?»

«እግሬን አሞኝ ላርፍ ብዬ ነው። እናንተ ጫካውን ዘግታችሁብን እግራችን ሥራ ፈታ።»

ሳቀ። ከዚያ ናዝሬትን አያት። «ቦርሳሽን ምነው እንዲህ አቀፍሽው? እዚህ ሌባ የለም፤ ሌባ የምንይዘው እኛ ነን።»

ናዝሬት ቦርሳውን ድንጋዩ ላይ፣ ከጎኗ አኖረችው።

«ሊሚ ወረቀት ላይ ፈረምኩ ትላለች» አለ ደቻሳ። «የምን ወረቀት ነው? አንቺ ነሽ ያስፈረምሻት?»

እትዬ የዓለምወርቅ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ናዝሬት ቀደመች። ውሸት ብትናገር፣ ሊሚ በኋላ ስትጠየቅ ያንኑ ውሸት አታውቀውም። «ስለ ሴቶች ጤናና ኑሮ የሚጠና ነገር ነው» አለች። «ገና አልተፈቀደም። ወረቀቱ በስህተት ነው የታደለው፤ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ልሰብስበው መጥቼ ነው።»

ደቻሳ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። «ያልተፈቀደ ነገር ይዘው ሰፈር ለሰፈር» አለ። «እሷም ጣትሽን አምጪ ሲሏት ትሰጣለች። እኔ ቤት ስገባ አየዋለሁ።»

ወደ ታች ወረደ። እትዬ የዓለምወርቅ ካፖርቱ ከአጥሩ ጀርባ እስኪሰወር ጠብቀው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ናዝሬት ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ሮጣ ብትከተለውስ? ሮጣ ምን ልትል?

ሊሚ የመጣችው በሌላው መንገድ፣ ከጫካው በኩል ነበር። ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላለች። ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። ሁለቱን ስታይ ጀሪካኖቹን ሰልፉ መጨረሻ ላይ አኑራ ቀረበች።

«ሊሚ፣ ያ ወረቀት የት ነው?» አለች ናዝሬት።

ሊሚ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እጇን መቀነቷ ውስጥ ሰዳ፣ አራት ቦታ የታጠፈና ላብ ያለሰለሰው ወረቀት አወጣች። «ከሰጡኝ ጀምሮ እዚሁ ነው። የት ላስቀምጠው? ቤት ውስጥ ያለው አንድ ሳጥን ነው፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው።»

«ጠይቆሻል?»

«ትላንት። የጤና ነው አልኩት። እትዬ ሲያነቡልኝ ጠባቂ የሚለውን ሰምቻለሁ። ማንበብ ባልችልም እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽ?» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

«ይሰጥዎታል አሉኛ። አልፈልግም ይባላል እንዴ? ትእዛዝ መሰለኝ።»

ናዝሬት ወረቀቱን ተቀበለች። ሊሚ ግን እጇን አልሰበሰበችም።

«አሻራ ያለበትስ?»

«እሱ እኔ ዘንድ ነው። ነገ ለኮሚቴው አሽጌ አስረክበዋለሁ።»

«የማን ኮሚቴ? ማንም አያየውም ይል አልነበር?» አለች ሊሚ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይኸው እትዬ አዩት፤ አንቺ አየሽው፤ ነገ ደግሞ ሌሎች ሊያዩት ነው። በፈለግሁ ጊዜ መተው እችላለሁም ይላል። ትቻለሁ። ጣቴን መልሺልኝ።»

አንድም ሳታጎድይ፣ ብለዋል ዶክተር መሸሻ። ናዝሬት ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋችው። ቦኖው ላይ ሰው እየበዛ ነበር። ደቻሳ ቤት ደርሶ ሳጥኑን ከፍቶ ይሆናል፤ ምንም ሲያጣ ደግሞ ወደዚህ ይመለስ ይሆናል። በቅጹ ውስጥ ከጻፈቻቸው ተስፋዎች ሁሉ ልትጠብቀው የምትችለው መተው ይቻላል የሚለውን ብቻ ነው። የሊሚ አሻራ ያለበትን ወረቀት ከአስራ ዘጠኙ መሃል መዝዛ ከቅጂው ጋር ሰጠቻት።

ሊሚ ሁለቱንም ወረቀት ደራርባ ከቦኖው ሥር ካቆረው ውኃ ውስጥ ነከረቻቸው። እንደ ጨርቅ አሸቻቸው። ሰማያዊው ቀለም በጣቶቿ መሃል ወጣ፤ ወረቀቱም ሊጥ ሆነ። ጨምቃ ጭቃው ውስጥ ረገጠችው።

«ቢፈልግም የትም አያገኘውም» አለች። «ሰበሰቡት እለዋለሁ። እውነት ነው።» ጀሪካኗን ወደፊት ገፋ አደረገችና ዞር አለች። «መናገሩን አልተውኩም። የተውኩት ወረቀቱን ነው። ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ስወስድ ማንም የት ነበርሽ አይለኝም። እዚያ ከሆነ እመጣለሁ። ወረቀት ይዘሽ ግን እንዳትመጪ።»

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር መሸሻ ፋይሉን ገለጡ። መጀመሪያ የሆነውን የሚገልጸውን ገጽ አነበቡ። ፖስታውን ከፍተው ወረቀቶቹን ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

«አስራ ስምንት።»

«አንዷ አቋርጫለሁ ብላ ወረቀቷን ጠየቀች። ሰጠኋት። ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንድም እንዳይጎድል ብዬሽ ነበር።»

«በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ ብዬ እኔም ጽፌ ነበር፣ ዶክተር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፉ። አዲሱ ቅጽ አጭር ነው። ርዕሱ «የሴቶች ጤናና የዕለት ኑሮ ጥናት» ሆኗል። ፊርማም አሻራም የለበትም። በማመልከቻው ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ተሳታፊዋን ከጥናቱ ጋር የሚያያይዘው ብቸኛ ሰነድ ቅጹ ራሱ ስለሆነ፣ ስምምነቷ በቃል ይሁን፤ ምስክሯም ከሰፈሩ ያልሆነች የጤና ጣቢያ ነርስ ትሁን። ማንም አያየውም የሚለው ቀርቶ፣ «ፍርድ ቤት ቢያዘን ያለንን ለመስጠት ልንገደድ እንችላለን፤ ስለዚህ ስምዎን አንጽፍም» ተብሏል። ዶክተሩ መጨረሻው መስመር ላይ ብዕራቸውን አቁመው ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ።

«ይህን ወረቀት ቤትዎ መውሰድ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? አልፈልግም ማለት ይችላሉ።»

ካላንደራቸውን ገልጠው ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ስሟን መዘገቡ። ከዚያ ፖስታውን አሽገው በላዩ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ አስራ ስምንት።

«እነዚህ በኮሚቴው ፊት ይቃጠላሉ» አሉ። «እኔ ነኝ ሐሳቡን የማቀርበው።»

ናዝሬት ከቢሮው ስትወጣ ስልኳ ጠራ። እትዬ የዓለምወርቅ ናቸው።

«ደቻሳ ትላንት ማታ ሳጥኑን በርብሮ በርብሮ ተወው አለችኝ ሊሚ። ደህና ናት። ክትባቱ መቼ ነው ብለው ይጠይቁልኝ ብላኛለች፤ ገባሽ አይደል?»

«ከተፈቀደልኝ በሚቀጥለው ወር ነው፣ እትዬ። እስከዚያ ምንም እንዳያስፈርሙ።»

«ኧረ እኔ» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ፣ «የራሴንም ስም አልፈርም።»