ሰማንያ ነጥብ

ዙለይኻ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታለች። መምህር ቡልቻ ከኋላዋ ቆመው ሰዓታቸውን አሥሬ ያያሉ። የሂሳብ ፈተናው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ በእጃቸው የተረፈው አንድ የፈተና ወረቀት ደግሞ አምና አንድ ተማሪ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሞላው ነው።

«ህትመቱን እንዳትነኪብኝ!»

«ኧረ አልነካም፣ ጋሼ!»

በከለር ስካን ስላደረገችው ሰማያዊውን ለይታ አጠፋችው፤ ጥቁሩ ህትመት ቀረ። እዚህም እዚያም ግን የቀለም ፍንጣሪ ይታያል። ቸኮለች። ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ሁሉ ባንዴ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ተጫነችና ሰማንያ ኮፒ አወጣች።

መምህሩ ወረቀቱን ታቅፈው ሊወጡ ሲሉ ዓይኗ በእጇ በቀረው ዋናው ወረቀት ላይ አረፈ። ጥያቄ ሰባት፦ «2.5 ሜትር ከፍታ ያለው በር»። ስክሪኑ ላይ ግን 25 ሜትር ሆኗል! ነጥቧ ከደቃቅነቷ የተነሳ ቀለሟ አይለይም፤ የተማሪው ትሆን? ወረቀቱን ገልብጣ በጣቷ ዳበሰችው። ተማሪው የጻፈበት ሁሉ ከጀርባው ይጎረብጣል፤ ነጥቧ ያለችበት ግን ልሙጥ ነው። የህትመቱ ናት።

«ጋሼ፣ ይመለሱ!»

እንደገና ልታትም ስትል መብራት ድርግም አለ። ዙለይኻ መብራት ኃይልን እየረገመች ከመሳቢያዋ ሁለት ጥቁር እስክሪብቶ አወጣች።

«ይቀመጡ» አለቻቸው፤ «አርባው የእርስዎ ነው።»