ሹፌሩን ለመያዝ የተሠራ ፎርም

ሶሬቲ ሰው አታምንም። ክፋት ኖሮባት እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ክፍል ተቀምጦ ሰው የሚያምን ካለ እሱን ጠርጥሩት። ኢምፔሪያል ሰፈር ታክሲ ስትሳፈር እንኳ ረዳቱ የሚመልስላትን ብር ሁለቴ ሳትቆጥር ቦርሳዋን አትዘጋም።

የዚያን ሰሞን ዓይኗ ያረፈው ጋሽ ላጲሶ ላይ ነበር። ላጲሶ ገርጂ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው የእነ ሶሬቲ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሹፌር ነው። ከሁለት ወር በፊት ሄኒ የምትባለውን የመስክ ባለሙያ ይዞ ሆሳዕና ሄዶ ነበር። ውሎ አበላቸው በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ሆኖ፣ የሁለቱም የስድስት ቀን ተሰልቶ አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ብር በቅድሚያ ወጣ። ሥራው በአራት ቀን አለቀና ተመለሱ። ላጲሶ የራሱን የሁለት ቀን ትርፍ ለገንዘብ ያዥ መልሶ ደረሰኙን ተቀበለ። የሄኒ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ገንዘቡ ደግሞ በሙሉ የወጣው በእሱ ስም ነው።

ለምን በእሱ ስም ብትሉ፣ የቢሮው ልማድ ነው። ቡድን ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ከማባዛት ሹፌሩ ለሁሉም ፈርሞ ይወስድና መንገድ ላይ ያካፍላል። ይህን አቋራጭ ያመጣችው ራሷ ሶሬቲ ናት፤ ያኔ ሁሉም «ጎሽ፣ ገላገልሽን» ብሏት ነበር።

ላጲሶ ሲጠየቅ፣ «የሄኒን የስድስቱንም ቀን እጇ ላይ ቆጥሬ ሰጥቻታለሁ፣ እሷን ጠይቁ» አለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይሕደጎ መስክ ላይ ወዳለችው ሄኒ ደወሉ። «የእኔ ከሒሳብ ክፍል ጋር ያለቀ ነገር ነው እኮ!» ብላ ሳትጨርስ ኔትወርኩ ጭጭ አለ። በቃ፣ እሷ ዕዳ ከሌለባት ብሩ ላጲሶ ጋ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይሄ ለአቶ ይሕደጎ በቂ ሆነ።

«ጉዳዩ የገንዘቡ ማነስ አይደለም፣ እምነት ማጉደል ነው» አሏት ሶሬቲን። «አርብ የስንብት ደብዳቤውን እፈርማለሁ። አንቺ ደግሞ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ የጉዞና የውሎ አበል ቅድሚያ ክፍያ መፍቀጃ ፎርም አዘጋጂልኝ። ቀዳዳ እንዳይኖረው!»

ላጲሶ ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። በዚህ ዕድሜው በሌብነት የተባረረ ሹፌር ማን መኪና ይሰጠዋል? ሶሬቲ ይህን አጥታው አይደለም። ቢሆንም በልቧ ፈርዳበት ነበር። የሚክድ ሰው ሁልጊዜ «እሷን ጠይቁ» ነው የሚለው ብላ ደመደመች።

ፎርሙን እልህ ይዟት ሠራችው። ከሁሉ አስቀድሞ ያንን የራሷን ልማድ ሰረዘች፦ አንድ ፎርም ለአንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚቀበለውም የሚፈርመውም ራሱ ተጓዡ። የመነሻና የመመለሻ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም እንዲጻፍ አደረገች፤ ከምሳ በኋላ ተነስቶ ሙሉ ቀን ያሰበ ስንቱን ታውቃለች! ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብላ በደማቁ ጻፈች። አዳሩን ወይም ምግቡን ጋባዡ ድርጅት ይችል እንደሆነ የሚሞላበት ሳጥን ጨመረች፣ ሁለቴ እንዳይከፈል። የቀኑ ተመን፣ ድምሩ በአኃዝና በፊደል፣ የበጀቱ ኮድ፣ የቅርብ አለቃ፣ ሒሳብ ክፍል፣ በመጨረሻም ያጸደቀው ኃላፊ እየተከታተሉ የሚፈርሙበት ቦታ ገባ። ጉዞው ካጠረ ወይም ከረዘመ ማን አዘዘ፣ መቼ አዘዘ የሚል ሠንጠረዥ አለው። «በተመለስኩ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ አወራርዳለሁ፤ ባላወራርድ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የሚል ግዴታ ከታች ሰፈረ።

አንዷን ጥያቄ ግን ላጲሶን እያሰበች ነው ያስገባቻት፦ «ከዚህ በፊት ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ አለ? ስንት? እንዲቆይ የፈቀደው ማን ነው? በጽሑፍ ወይስ በቃል?» እስቲ እንደ እሱ ያለው ይቺን እንዴት እንደሚያመልጣት አያለሁ አለች።

ቢሮው ሁሉ ፎርሙን በክፉ ዓይን አየው። የግዢው ሠራተኛ አብዲሳ በትከሻዋ አሻግሮ እያነበበ፣ «ቀጥሎ የማን ተራ ነው ሶሬ? የእኔ?» አላት። እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ጋሽ ላጲሶ በበኩሉ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን ትቷል። ይተወው፣ አለች።

ሐሙስ ሄኒ ከመስክ ተመለሰች። ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ቀጥታ ሒሳብ ክፍል ገባች። ሰኞ ደግሞ ወደ ወላይታ ትወጣለች፤ ቅድሚያ ክፍያ ፈልጋ ነው።

ሶሬቲ ስለ ላጲሶ አንድም ቃል ሳትተነፍስ አዲሱን ረቂቅ አቀበለቻት። «እስቲ ሙይልኝ፣ ለሙከራ ነው።»

ሄኒ ቆማ እየተቻኮለች ሞላችና መለሰችላት። ሶሬቲ ያቺ ጥያቄ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ያልተወራረደ፦ 2,400 ብር፣ የሆሳዕና ጉዞ። እንዲቆይ የፈቀደው፦ ሶሬቲ። በቃል።

«እኔ?» አለች።

«ምነው ሶሬ! የተመለስን ዕለት መድኃኔዓለም ጋ ምሳ ስንበላ አይደል እንዴ? ትርፉን ላምጣ ወይ ብዬሽ፣ ‹አሁን ደረሰኝ ስቆርጥ አልውልም፣ ከሚቀጥለው ጉዞሽ ላይ ይቀነሳል› አላልሽኝም? ያለፈውን መስክ በቀጥታ ፕሮጀክቱ ስለከፈለኝ እጄ ላይ ቀረ። አሁን ቀንሺዋ።»

ወዲያው ትዝ አላት። ሹካዋን እንደያዘች፣ ስልኳን እያየች ያለችው ነገር ነው። ከአፏ ወጣ፣ ከዚያ ረሳችው። ያ ሰውዬ ግን በዚያች ቃል ምክንያት ሌባ ተብሎ ሊባረር ነው።

ሄኒ ከወጣች በኋላ ወረቀቱን ይዛ ቁጭ አለች። ረቂቅ ነው፤ ማኅተም የለውም። ወረቀት ቆራርጦ የሚያጠፋው ማሽን ደግሞ እግሯ ሥር ነው ያለው። ሄኒን ጠርታ ብሯን ተቀብላ ደረሰኝ ብትቆርጥላት ሒሳቡ ይዘጋል፣ ማንም አፍ አውጥቶ የሚጠይቃት የለም። አሰበችው፣ እውነቱን እንናገር። ቀና ስትል አብዲሳ በመስታወቱ በኩል እያያት ነበር። ምን እንደሚጠረጥር አላወቀችም፤ መጠርጠሩን ግን አይቶ በማወቅ የእሷን ያህል የሠለጠነ የለም። አፈረች፣ በጣም አፈረች።

አርብ ጠዋት ፎርሙን አቶ ይሕደጎ ፊት አኖረችው። «እኔ ነኝ የፈቀድኩት። ላጲሶ ያለው ሁሉ እውነት ነው።»

አቶ ይሕደጎ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት። የስንብቱን ደብዳቤ ቀደዱና፣ «አንቺ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። ሄደሽ ደግሞ ራስሽ ንገሪው» አሉ።

ላጲሶ ግቢ ውስጥ መኪናውን እያጠበ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። «ጋሽ ላጲሶ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛ እንዳይደርስብዎ ሁሉንም ነገር እዚህ አስገብቼዋለሁ» ብላ ፎርሙን ሰጠችው።

እጁን በጨርቅ አደረቀ። መነጽሩን አወጣና ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«ጥሩ ነው። የሚወስደው ይፈርማል፣ የሚያዘው ይፈርማል፣ የሚያጸድቀው ይፈርማል» አላት። «ሳይጠይቅ ሰውን ሌባ የሚለውስ የት ጋ ነው የሚፈርመው፣ ልጄ?»

ሶሬቲ ፎርሙን መልሳ ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

ላጲሶ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፎርሙ ላይ አደረገና ሁለቱንም እጇ ላይ አኖረላት። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልነዳላችሁም፤ ሄኒን ሰኞ ሌላ ሰው ይውሰዳት» አለና ባልዲውን ደፍቶ በበሩ ወጣ።