የጳጉሜ ልጅ

ፋና ለውጭ ትምህርት ዕድል ልታመለክት የልደት ምስክር ወረቀቷን እንጅባራ ካለ ትርጉም ቤት ወሰደች። አቶ እንግዳው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት «ጳጉሜ 4 ቀን 1990»ን እንዳለ ገለበጡና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ጨመሩበት።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን የሚያውቅ ፈረንጅ የት ይገኛል? ሴፕቴምበር ይበሉት።»

«ወሩን ከቀየርሁ ቀኑም ዓመቱም መቀየር አለበት፤ እኔ ደግሞ የምጽፈው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።»

«እንግዲያ ጎረቤትዎ ያለው ተርጓሚ ይሠራልኛል።»

ጎረቤቱ ሰው አያስከፋም። ወሩን ሴፕቴምበር አለላት፤ 4ን እና 1990ን እንዳሉ ተዋቸው፤ የአቆጣጠሩን ነገር ጭራሽ አላነሳም።

መልሱ ከወር በኋላ መጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ አንቀበልም ይላል። ፋና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በወረቀቱ ግን ሠላሳ አምስት ሞልቷታል።

ተመልሳ አቶ እንግዳው ዘንድ ሄደች። «እንደ መጀመሪያው ይጻፉልኝ።»

«እጽፍልሻለሁ። ይቀበሉሻል ወይ?»

«ምዝገባው ተዘግቷል።»

ጻፉላት። አጣጥፋ ይዛ ስትወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ፣ ወዴት ልውሰድዎ?» አላት ሾፌሩ።

ፋና ሳትቆጣው ገባች።