ከ0.38 ፊት የነበረችው ሰረዝ

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሠንጠረዥ የሚያዩት እንደ ሸሚዝ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተተኮሰ ጥሩ፣ ከተጨማደደ መጥፎ። ውስጡ ያለው ቁጥር ምን እንደሚል ጉዳያቸው አይደለም። ነርሶች በምናሠለጥንበት በዚህ ኮሌጅ ተማሪውም መምህሩም ከጀርባቸው «ሊቁ» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙ ጆሯቸው ደርሷል፤ ምስጋና መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።

እኔ የፈተና ክፍሉን ነው የምይዘው። ማጠቃለያ ፈተና ታርሞ ሲያልቅ ስድሳዎቹን የምርጫ ጥያቄዎች አንድ በአንድ መርምሬ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይሻሻል ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከመቶ ሃያው ተፈታኝ ከላይ ሠላሳ ሁለቱን፣ ከታች ሠላሳ ሁለቱን እወስዳለሁ። ከሁለቱም ቡድን የመለሱትን ደምሬ ለስድሳ አራት ሳካፍል የጥያቄው ክብደት ይወጣል። ከላይኞቹ መላሾች የታችኞቹን ቀንሼ ለሠላሳ ሁለት ሳካፍል ደግሞ የመለየት አቅሙን አገኛለሁ፤ ጥያቄው ያወቀውን ካላወቀው ይለየዋል ወይ የሚለውን ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምንም ምሥጢር የለውም።

«ክብደት» የሚለው ስም ግን ጣጣ አለው። የሚቆጠረው የመለሱት ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥያቄው ቀላል ነው። ይህን ለሊቁ ለማስረዳት በየዓመቱ ምላሴ እስኪደርቅ እለፈልፋለሁ። እሳቸውም በየዓመቱ 0.92 ያዩና «ኧረ ይሄስ በዛ፣ ልጆቹን ፈጀናቸው እኮ!» ይላሉ።

የመድኃኒት አሰጣጥ ፈተናን እስከ አምና የሚመረምሩት ሊቁ ራሳቸው ነበሩ፤ ዘንድሮ ለእኔ ተሰጠኝ። ሠላሳ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከላይኞቹ ሠላሳ ሁለት የመለሱት ሦስት ብቻ፣ ከታችኞቹ አሥራ አምስት። ክብደቱ 0.28፣ የመለየት አቅሙ ከዜሮ በታች፦ -0.38። መለየቱንስ ይለያል፤ ግን ተገልብጦ። ጎበዞቹ ወድቀው ሰነፎቹ ያለፉበት ጥያቄ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልሱ ቁልፍ ነው። ጥያቄውን አወጣሁት፦ «ሁለት ሚሊ ሊትር በያዘ ብልቃጥ ውስጥ 80 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ። የታዘዘው 60 ሚሊ ግራም ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጣል?»

አንድ ነጥብ አምስት ነው፤ ምርጫ ሐ። ከላይኞቹ ሃያ ስድስቱ የመረጡትም እሱኑ ነው። በቁልፉ ላይ ያለው ግን ለ ነበር፤ 2.7። ሁለት ሚሊ ሊትር ከያዘ ብልቃጥ ሁለት ነጥብ ሰባት! የጥያቄውም የቁልፉም ባለቤት ሊቁ ናቸው።

ሐን ከመረጡት መካከል አንዷ ዓመቱን የምትደግም ልጅ ነች። ማለፊያው ሠላሳ ነው፤ እሷ ሃያ ዘጠኝ አግኝታለች። ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀ ተማሪ ደግሞ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «ቁልፉ ስህተት ነው፤ ታርሞ ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ሁሉም ወረቀት በድጋሚ ይታረም» ብዬ ጽፌ ለሊቁ ሰጠኋቸው። ሞኝ ነኝ፣ ያነቡታል ብዬ ነው።

በማግስቱ የፈተና ኮሚቴው በመለማመጃ ክፍሉ፣ በአሻንጉሊት በሽተኞቹና በመርፌ መደርደሪያዎቹ መካከል ተሰበሰበ። ዲኗ ከፊት ተቀመጡ። ሪፖርቱ እንደ አዲስ ተጽፎ፣ አምሮበት ታደለ። ሠላሳ አራት ቁጥር ላይ «የመለየት አቅም 0.38፣ በጣም ጥሩ፣ ይቆይ» ይላል።

«ጋሼ፣ ሰረዟ የት ሄደች?» አልኩ።

«የቷ ሰረዝ?»

«ከ0.38 ፊት የነበረችው።»

«እሷንማ አስጠፋኋት። ሠንጠረዡን አቆሽሻው ነበር፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ፊት የለች፣ እዚያ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ጸሐፊዋን ‹አጽጂልኝ› አልኳት፣ አጸዳችው። የአንቺንም ማስታወሻ አውጥተናል፤ ከቁጥሩ ጋር ይጋጫል።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ የመቀነስ ምልክት እኮ ነች! ያቺን አጥፍተው መጥፎውን ጥያቄ ምርጥ አደረጉት። ልጅ ልናባርርበት ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ተረጋጊ። ይህን ጥያቄ አሥራ አምስት ዓመት ጠይቄዋለሁ። አንድም ሰው አላማረረም። ጎበዝ ተማሪ አንዳንዴ ሲፈላሰፍ ይስታል። ክብደቱም 0.28 ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይቅለልላቸው?»

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ማውራት ውሃ መውቀጥ ነበር። ከመደርደሪያው ባለ ሁለት ሚሊ ሊትር የመለማመጃ ብልቃጥና ባለ አምስት ሲሪንጅ አነሳሁና ፊታቸው አስቀመጥኩ። «እንግዲያው በቁልፉ መሠረት ሁለት ነጥብ ሰባት ይቅዱልኝ።»

ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። እጃቸው ላይ ችግር የለም፤ በወጣትነታቸው ጥሩ ነርስ ነበሩ ይባላል። ብልቃጡን ዘቅዝቀው ሳቡ። ሲሪንጁ ሁለት ላይ ደርሶ አየር መሳብ ጀመረ። ብልቃጡን አዩት፣ ሲሪንጁን አዩት፣ ብልቃጡን ነቀነቁት።

«ሌላ ብልቃጥ አምጡልኝ» አሉ።

የመለማመጃ ክፍሉ አስተማሪ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፈርኩ። በዚህ ሰው ቁልፍ ነው ነርስ የምናስመርቀው።

ዲኗ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለተኛ ብልቃጥ ከከፈቱማ በሽተኛው ከታዘዘለት በላይ ወሰደ፣ አይደለም? ስልሳ ሲታዘዝ ሰማንያው አልበቃዎትም?»

ሊቁ ወረቀቱን አቀኑ። «የጽሕፈት ግድፈት ናት። ለሚቀጥለው ዓመት ትታረማለች። አሁን ወረቀት ብንነካካ ለን የመረጡት ነጥብ ይቀነስባቸዋል፣ ጫጫታ ይነሳል።»

«ይነሳ» አሉ ዲኗ። «አሁኑኑ በድጋሚ ይታረም።»

ሐን የመረጡት አገኙ፣ ለን የመረጡት አጡ። ልጅቷ ሠላሳ ሞላች። ዲኗ አስጠርተው እዚያው ክፍል ነገሯት። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአሻንጉሊቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባለፈው ዓመትም ሃያ ዘጠኝ ነበር ያገኘሁት» አለች ቀስ ብላ። «ያኔም ይቺ ጥያቄ ነበረች። ያኔም ሐ ነው ያልኩት።»

አንድ ዓመት ሙሉ አስደግመናታል። ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አፋቸው ዝም ማለት አይችልምና፣ «እንግዲህ መድገምሽ ጠቀመሽ፤ እውቀትሽ ዳበረ» አሏት።

ወንበሩን አንስቼ ብወረውርባቸው በወደድኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን እንደሚፈልጉማ ዘንድሮ አውቅ ነበር። ያለፉት ልጆች ‹ለ በዪና እለፊ› ብለውኛል። ግቢው ውስጥ ሳያነቡ የሚገቡት ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ፈተናው ላይ መጀመሪያ ለን ጻፍኩት፤ ከዚያ ሰርዤ ሐ አልኩ። ያቺ አንድ ነጥብ ከሌለች ቤቴ እንደምላክ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰረዝሽው?» አሉ ዲኗ።

«አንድ ቀን በእውነት ሰው ላይ ልወጋው አይደል?» አለች።