ከአሥር ሺህ አቶም ዘጠኝ

ቨርና ሆልቨርሰን አንድ የአልሙኒየም ዘንግ ስታግልና ስታቀዘቅዝ አራት ዓመት ሞላት። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው ኢሊኖይ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የፊዚክስ ሕንጻው ምድር ቤት ነው። ለዶክትሬቷ የተሰጣት ሥራ ሁለት ነገር ባንዴ መለካት ነበር፦ ዘንጉ ሲግል ስንት እንደሚረዝም በማይክሮስኮፕ፣ ውስጡ በረድፍ የተደረደሩት አቶሞች ስንት እንደሚራራቁ ደግሞ በኤክስሬይ።

ሁለቱ ልኬቶች ወረቀት ላይ ሲነደፉ፣ እስከ አራት መቶ ዲግሪ ድረስ መስመሮቻቸው ተደራርበው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ዘንጉ ይቀድማል። ሊቀልጥ ሲቃረብ ልዩነቱ ከርዝመቱ አሥር ሺህ እጅ ሦስቱን ያህል ይደርሳል። በሦስቱም አቅጣጫ ሲታሰብ፣ ከአሥር ሺህ የአቶም መቀመጫ ዘጠኙ ባዶ ነው ማለት ነው። የለቀቁት አቶሞች ወደ ዳር ወጥተው ዘንጉን አስረዝመውታል።

ይህንን የነደፈችበትን ወረቀት ይዛ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ክላይድ ኤመሪ ቢሮ ገባች። እሱ ከአሥር ዓመት በፊት የጋለ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ በድንገት በማቀዝቀዝ ባዶ መቀመጫዎቹን ሳያመልጡ ለመያዝ ሞክሮ ነበር፤ ያገኘው ቁጥር ከእሷ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስሙን ያስጠራውም ያ ቁጥር ነው።

«ቆሻሻ ነው» አላት፣ ወረቀቱን በጣቱ እየገፋ። «ብረትሽ አልጠራም።»

«ፕሮፌሰር፣ ምናልባት እርስዎ ሽቦውን ሲነክሩት፣ እየቀዘቀዘ ሳለ ከባዶዎቹ ገሚሱ አምልጦ ሊሆን...»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ፣ ብረትሽን አጥሪ።»

የዘንጉን መያዣ የሚሠራላት የወርክሾፑ ሽማግሌ ዋልት ፕሩት ፊቷን አይቶ ገባው።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ለኔ ንገሪኝ። ብረቱ ንጹሕ ከሆነ አቶም ለምን ይጎድለዋል?»

«የኳስ ስታዲየሙን አስበው ዋልት። ሞልቶ ሲቀመጥ፣ የሚሞላው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አንድ ወንበር ባዶ ይሁን ብትል ግን ከስልሳ ሺው ወንበር የፈለግከው ሊሆን ይችላል። አንድ አቶም ከቦታው መንቀል ጉልበት ይፈጃል፤ ሆኖም ባዶው የሚቀመጥበት መንገድ ስለሚበዛ ተፈጥሮ ጥቂት ባዶ መተው ይሻላታል። ሲሞቅ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው አቶም ይበዛል። ከአምስት መቶ ወደ ስድስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ስትወጣ ባዶው ስድስት እጥፍ ነው።»

«እና ቆሻሻውስ?»

«ቆሻሻ ሲቀዘቅዝ አይጠፋም። ይሄ ቀስ ብዬ ሳቀዘቅዘው ይጠፋል፤ ሳግለው በዚያው ልክ ይመለሳል።»

«ታዲያ ይሄንን ለሰውየው ንገሪው!»

ነገረችው። ኤመሪ መነጽሩን አወለቀና «ቴርሞሜትርሽን ፈትሺ» አለ።

ከሁሉ የጠራውን አልሙኒየም አስመጣች። ቴርሞሜትሩን ቀየረች። ምድጃውን አፍርሳ ሠራች። የባዶዎቹን ብዛት ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ተገላቢጦሽ ጋር ስትነድፈው ቀጥ ያለ መስመር ወጣ፤ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ የሚጠይቀውን ጉልበት ከዚያው አነበበች። ኤመሪ ለኅትመት አልፈቅድም አለ። ዓመት ከስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ገብታ አዲሱን መጽሔት ገለጠች። ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ በሌላ ከተማ፣ ያንኑ ልኬት ሠርተዋል። መስመሩ የእሷ መስመር ነው። ቁጥሩም ያው ዘጠኝ። ደብተሯን አውጥታ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አመሳከረች።

ኤመሪም አንብቦት ኖሯል። «አየሽ» አላት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ። «መዘግየት እንዲህ ነው። ልጅት፣ ይሄ ሥራ ፍጥነት ይፈልጋል።»

«እርስዎ ነዎት ያስቆሙኝ።»

«እኔ ተጠንቀቂ ነው ያልኩሽ።»

ተማሪዎች እያለፉ ነበር፤ ዝም አለች። ዝምታዋን ከዚያ በኋላ ስትጠላው ኖረች። የመመረቂያ ጽሑፏ «የሌሎችን ውጤት ያረጋግጣል» በሚል ቃል ወጣ። ኤመሪ ፈረመበት፣ ደግሞም ጨበጣት።

ኦሃዮ ውስጥ አንድ የአልሙኒየም ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀጠረች። በሦስተኛው ዓመት የኤመሪ ደብዳቤ መጣ፦ መጽሐፍ እየጻፈ ስለሆነ የልኬት ደብተሮቿን እንድትልክለት። የእያንዳንዱን ገጽ ቀን በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ላከችለት፤ ቁጥሩ መጽሔቱ ከመውጣቱ በፊት በእጇ እንደነበረ ራሱ እንዲያይ።

መጽሐፉ ሲወጣ ዋልት አንድ ቅጂ በፖስታ ላከላት። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ፣ ከሥር፣ በደቂቅ ፊደል አንዲት መስመር አለች፦ «በቤተ ሙከራችን ቀደም ሲል በእኔ መሪነት የተሠራ፣ ያልታተመ ልኬት ይህንኑ ቁጥር ሰጥቷል።»

የእሷ ስም አልነበረም። ቨርና መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወደ ማቅለጫው ወረደች፤ የጠዋቱ ብረት ቀልጦ ለመፍሰስ ደርሶ ነበር።